«ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ የማይወርደው ትኩሳት

የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው፤ የደቡብ ጎንደር ደጋ ልጅ። ጥር አጋማሽ ላይ ሰውነቱ ይግል ጀመር። መጀመሪያ ጉንፋን መስሎት ሥራውን አልተወም። ሳምንት ሲሞላው ግን ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ሌሊቱን ልብሱን በላብ ሲያርስ ያድራል። በአቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ ሄደ። ከክንዱ ትንሽ ደም ተቀዳ፤ ብዙም ሳይቆይ ወረቀቱ መጣ። «ኦ» 1:160፣ «ኤች» 1:160፣ «ኦኤክስ 19» 1:80 ይላል። «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተባለና ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ለዐሥር ቀን ታዘዘለት።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ቀለል አለው። መድኃኒቱን ሲጨርስ ትኩሳቱ እንደነበረ ነው። ሌላ ክሊኒክ ሄደ፤ ያው ምርመራ፣ ያው ውጤት። «አልለቀቀህም» ተባለና ሴፍትሪያክሶን በመርፌ ለአምስት ቀን ተወጋ። ሦስተኛው ቦታ ላይ ደግሞ በደሙ ውስጥ ወባ ሳይታይ «ለማንኛውም» ተብሎ የወባ መድኃኒት ዋጠ። በስድስተኛው ሳምንት ታላቅ ወንድሙ ደግፎ ሆስፒታል ሲያደርሰው ሱሪው ከወገቡ እየወረደ በገመድ ታስሯል፤ ሆዱ ግን በግራ በኩል ገፍቷል። ለሕክምና የተሸጠው በግ ሁለተኛው ነው።

ይህ ታሪክ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋግሞ ከሚታይ የሕመም ጉዞ ተውጣጥቶ ለምሳሌ የቀረበ ነው። እዚህ ያነሣሁት አንድ ነገር ለማስረዳት ነው። ረጅም ትኩሳት የያዘውን ወጣት የሚያድነው የላቦራቶሪው ቁጥር ብቻውን አይደለም። ከቁጥሩ በፊት የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ትኩሳቱ ስንት ቀን ሆነው? ሰውየው ከመታመሙ በፊት የት ነበር? ሰውነቱስ ምን ምልክት ያሳያል? እነዚህ ሳይመለሱ የሚነበብ ወረቀት ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ሁለት በሽታ በአንድ ወረቀት

በአገራችን ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የሄደ ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚለውን ጥንድ ስም ሳይሰማ አይቀርም። ስማቸው ስለሚመሳሰል መንታ ይመስላሉ። በድሮ ጊዜ ሐኪሞችም አንድ አድርገው ያዩአቸው ነበር፤ አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ገርሃርድ ልዩነታቸውን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። ታይፎይድ ማለት «ታይፈስ መሳይ» ማለት ነው። በአማርኛም አንዱን ተስቦ፣ ሌላውን የአንጀት ተስቦ ስንል ያው ዝምድና ቀርቷል።

በእርግጥ ግን ሁለቱ አይዛመዱም። ታይፎይድ የሚመጣው በሰው ዓይነ ምድር ከተበከለ ምግብና ውኃ ነው፤ አምጪው ሳልሞኔላ ታይፊ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በወረርሽኝ የሚታወቀው ታይፈስ የሚመጣው በልብስ ቅማል ነው፤ አምጪው ሪኬትሲያ የተባለ ፈጽሞ ሌላ ተሕዋስ ነው። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተበከለ ውኃም ከቅማልም ሁለቱንም ይዞ መገኘቱ እጅግ ብርቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ «አሉ» ሲባል ሊነሣ የሚገባው ጥርጣሬ በሽተኛው ላይ ሳይሆን ምርመራው ላይ ነው።

ምርመራው ምን ያደርጋል? ታይፎይድን የሚፈልገው ቪዳል ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ካስተዋወቀው ፈረንሳዊ ሐኪም ከፈርናንድ ቪዳል ነው። ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው የደሙን ውኃ ከሞተ የባክቴሪያ አካል ጋር በስላይድ ላይ ቀላቅሎ ያወዛውዘዋል፤ ከተቋጠረና አሸዋ አሸዋ ከመሰለ «አለ» ይባላል። 1:160 ማለት የደሙ ውኃ መቶ ስድሳ እጥፍ ቢቀጥንም መቋጠሩን አልተወም ማለት ነው። ታይፈስን የሚፈልገው ዋይል ፌሊክስ ደግሞ ከዚህም ይርቃል። ሪኬትሲያን እንኳ አይጠቀምም፤ በአጋጣሚ ከሪኬትሲያ ጋር በሚመሳሰል ፕሮቲየስ በተባለ ሌላ ባክቴሪያ ነው የሚሠራው።

ችግሩ ፀረ እንግዳ አካል ቶሎ የማይጠፋ መሆኑ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የነበረ ታይፎይድ፣ የተወሰደ ክትባት፣ የታይፎይድ ዘመድ በሆነ ሌላ ሳልሞኔላ መያዝ፣ አንዳንዴም ወባና ሌሎች ደምን የሚያነቃቁ በሽታዎች ቪዳልን «አለ» ያሰኙታል። ንጹሕ ውኃ እንደልብ በማይገኝበት አገር ያደገ ጤነኛ ሰው ዛሬ ደሙን ቢሰጥ 1:80 ወይም 1:160 ሊወጣበት ይችላል። ቪዳል በትክክል የሚነበበው ከሰባት እስከ ዐሥራ አራት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተሠርቶ፣ ቁጥሩ አራት እጥፍና ከዚያ በላይ ሲያድግ ነው። ይህን የሚያደርግ ክሊኒክ ግን ጥቂት ነው፤ በሽተኛውም ሁለት ሳምንት አይጠብቅም።

ነገሩ ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያሳይ የአገራችን ጥናት አለ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ታይፎይድ የሚመስል ትኩሳት ከነበራቸው 270 ታማሚዎች ደም ተወስዶ በአንድ በኩል ቪዳል፣ በሌላ በኩል የደም ካልቸር ተሠራ። ካልቸር ማለት ደሙን በምግብ ፈሳሽ ውስጥ አስቀምጦ ባክቴሪያውን ራሱን ማብቀል ነው። በቪዳል 88 ሰዎች «አለባቸው» ተባለ። ባክቴሪያው በቅሎ የተገኘው በ11 ሰዎች ብቻ ነው፤ 7ቱ ታይፎይድ፣ 4ቱ የቅርብ ዘመዱ ፓራታይፎይድ። ካልቸር ራሱ እንከን አለው፤ ከእውነተኛ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉን ሊስት ይችላል። ለእንከኑ ብለን 11ን በእጥፍ ብናሳድግ እንኳ 22 ነው። የቀሩት ስልሳ ስድስቱ ታይፎይድ ተብለው የሌላ በሽታ ትኩሳት ይዘው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ናቸው።

ቀኑ ራሱ ይመሰክራል

ልምድ ያለው ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ ቀን ይቆጥራል። ቀን እንደ ወንፊት ነው፤ በየሳምንቱ በሽታዎችን ያበጥራል። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ደንጊና አብዛኞቹ የቫይረስ ትኩሳቶች ሳምንት ሲሞላቸው ይወርዳሉ። ትኩሳቱ ሁለተኛ ሳምንት ከገባ እነዚህ ከወንፊቱ ያልፋሉ፤ ታይፎይድ፣ ወባ፣ ታይፈስ፣ ግርሻ፣ ቲቢና ሌሎች ይቀራሉ። ሦስት ሳምንት ካለፈ ደግሞ ዝርዝሩ ዳግመኛ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሮበርት ፒተርስዶርፍና ፖል ቢሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች «ምንጩ ያልታወቀ ትኩሳት» ለሚለው ስያሜ ድንበር ሲያበጁ ከ38.3 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከሦስት ሳምንት በላይ መቆየትን መስፈርት ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው፤ በራሳቸው የሚድኑ ትኩሳቶች እስከዚያ ሄደዋል።

እውነተኛው ታይፎይድ በዚህ ወንፊት ላይ የራሱ መልክ አለው፤ መልኩን ማወቅ ይጠቅማል፤ ያለ አግባብ ስሙ ይጠራል ማለት የለም ማለት አይደለምና። ባክቴሪያው ከተዋጠ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ከዚያ ትኩሳቱ እንደ ደረጃ ይወጣል፤ የዛሬው ማታ ከትናንቱ ማታ ከፍ ይላል። በሳምንቱ መጨረሻ 39 እና 40 ዲግሪ ደርሶ እዚያው ይቆማል። ራስ ምታቱ ጠንካራ ነው፤ ሆድ ያማል፤ ብዙ አዋቂዎች ከማስቀመጥ ይልቅ ይደርቃሉ። ምላስ መሐሉ ነጭ ይለብሳል። አንዳንዴ ሰውነቱ እንዲያ እየጋለ የልብ ምቱ የሚጠበቀውን ያህል አይፈጥንም። በሁለተኛው ሳምንት ታማሚው ይደነዝዛል፤ ይፈዛል። በጣም የሚፈራው ሦስተኛው ሳምንት ነው፤ በትንሹ አንጀት ላይ የቆሰለው ቦታ ሊደማ ወይም ሊበሳ ይችላል። ትኩሳት የነበረበት ሰው ድንገት ሆዱ እንደ ጣውላ ከደረቀ ወይም ጥቁር ዓይነ ምድር ከወጣው የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ቀዶ ጥገና ወዳለበት ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ ሲጀመርም ታይፎይድ ወዲያው አይወርድም። ትክክለኛው መድኃኒት ተሰጥቶም ትኩሳቱ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መድኃኒት መቀየር ስሕተት ነው። ሳምንት አልፎት ፈቀቅ ካላለ ግን ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት፦ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለምዶት ይሆን? ወይስ መጀመሪያውኑ ታይፎይድ አልነበረም? የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሰው ካልቸር ነው፤ የበቀለውን ባክቴሪያ መድኃኒት በመድኃኒት ፈትኖ የሚገድለውን ይነግረናል። የቪዳል ቁጥር ይህን ሊነግረን አይችልም። ባክቴሪያው ቢሞትም ቁጥሩ ለወራት ስለሚቆይ «አልለቀቀህም» ለማለት ቪዳልን መድገም ትርጉም የለውም።

አሁን ወጣታችንን በዚህ ወንፊት ላይ እናስቀምጠው። ስድስት ሳምንት ሆኖታል። ያልታከመ ታይፎይድ እንኳ፣ ሰውየው ከተረፈ፣ በአራተኛው ሳምንት መውረድ ይጀምራል። እሱ ደግሞ ታይፎይድን የሚገድሉ ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች ወስዷል። ታይፎይድ ከዳነ በኋላ ሊያገረሽ ይችላል፤ ግን በመሐል ጤነኛ የሆኑ ቀናት ይኖራሉ። ወጣቱ አንድም ቀን ጤነኛ ሆኖ አላደረም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት መቅለል ከትኩሳት ማስታገሻውና ከበሽታው የራሱ መውጣት መውረድ የመጣ ነው። ስለዚህ አንድም ተጨማሪ ምርመራ ሳይሠራ፣ ቀኑ ብቻውን «ሌላ ነገር ፈልጉ» እያለ ነው።

የት ከረምክ?

ሆስፒታል የተቀበለችው ሐኪም ወረቀቶቹን አየችና ወደ ጎን አስቀመጠች። ከዚያ ጠየቀችው።

«ከመታመምህ በፊት የት ነበርክ?»

«ቤቴ ነበርኩ፣ ዶክተር።»

«ከዚያ በፊትስ? ባለፈው ክረምት የት ከረምክ?»

ወንድሙ ቀደመና መለሰ። «መተማ ወርዶ ነበር፤ ሰሊጥ አረምና አጨዳ። ከሐምሌ ጀምሮ እዚያው ነው፤ ኅዳር ላይ ተመለሰ።»

«ሌሊት የት ነበር የምትተኙት?»

«ሜዳ ላይ ነው። ግራር ሥር ኬሻ አንጥፈን።»

ይህ ጥያቄና መልስ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሦስቱ ክሊኒኮች ግን አልጠየቁትም ነበር፤ እሱም ከሁለት ወር በፊት የተወው በረሃ ከዛሬው ትኩሳት ጋር ይገናኛል ብሎ አላሰበም። እዚህ ላይ ነው ወደ ኋላ መቁጠር የሚመጣው። እያንዳንዱ በሽታ ሰውነት ውስጥ ከገባበት ቀን እስከሚታይበት ቀን የራሱ ዕድሜ አለው። ታይፎይድ ቢሆን ባክቴሪያው የተዋጠው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ፣ እቤቱ ሳለ ነው ማለት ነው። ፋልሲፓረም የተባለው ኃይለኛ ወባ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከንክሻው በኋላ ወር ሳይሞላው ይታይ ነበር። ቫይቫክስ የተባለው ወባ በጉበት ተደብቆ ወራት ስለሚቆይ ከዝርዝሩ አይወጣም። ካላዛር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተደብቆ ይቆያል። ከሐምሌ እስከ ኅዳር የተነከሰ ሰው በጥር ሲታመም ቀኑ ልክ ይገጥማል።

ካላዛርን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው፤ ከትንኝ ያነሰ፣ ድምፅ የሌለው፣ በሌሊት የሚናከስ ነፍሳት። በመተማና በሑመራ ቆላ ጥቁሩ ዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥ፣ እንዲሁም በግራር ሥር ይጠለላል። አርሶ አድ የደጋ ወጣት ደግሞ በሽታውን ከዚያ በፊት አይቶት ስለማያውቅ ሰውነቱ መከላከያ የለውም። ግራር ሥር የተነጠፈው ኬሻ ለሐኪሟ ከማንኛውም የላቦራቶሪ ወረቀት የበለጠ የነገራት ለዚህ ነው።

ከጥያቄው በኋላ እጇን ሆዱ ላይ አሳረፈች። ከግራ ጎድን ሥር ወደ እምብርት የወረደ ጠንካራ ነገር ነካች፤ ጣፊያው ነው። ከጎድኑ ጠርዝ ስምንት ሴንቲሜትር ወርዷል። በታይፎይድም ጣፊያ ያብጣል፤ ግን በጥቂቱ ነው፤ ለስላሳ ሆኖ በጣት ጫፍ የሚነካ ያህል። ይህን ያህል የወረደና የጠነከረ ጣፊያ ከረጅም ትኩሳትና ከክሳት ጋር ሲመጣ የሚያስቡት በሽታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ ካላዛር፣ የቆየ ወባ፣ በሰውነት የተሰራጨ ቲቢ፣ የደም ካንሰር።

የደም ቆጠራው መጣ። ነጭ የደም ሴል 1,900፤ ጤነኛ ሰው ከ4,000 በታች አይወርድም። ሄሞግሎቢን 7.8፤ ለወንድ 13 እና ከዚያ በላይ መሆን ነበረበት። ፕሌትሌት 68,000፤ ዝቅተኛው ልክ 150,000 ነው። ሦስቱም ወርደዋል። ነጩ ብቻ ቢወርድ ታይፎይድም ያደርገዋል። ሦስቱ አብረው ሲወድቁ ግን ችግሩ ደሙ ከሚመረትበት ከመቅኔውና ደሙን ከሚያጣራው ከጣፊያው ነው ማለት ነው፤ የካላዛር ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ የሚሰፍረው እዚያው ነው። ወንድሙም ያኔ ትዝ አለው፤ «ለካ ነስሩም ከዚህ ነው» አለ። ወጣቱ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሦስት ጊዜ ነስሮት ነበር።

ወባን ለማስወጣት ሐኪሟ በአንድ ናሙና አልረካችም። በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ደም ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ታየ፤ አልተገኘም። የደረት ራጅ ንጹሕ ነው። ከዚያ «አርኬ 39» የሚባለው የካላዛር ፈጣን ምርመራ በአንድ የደም ጠብታ ተሠራ፤ ሁለት መስመር ወጣ። ካላዛር ነው።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ መጠየቁ አይቀርም። አርኬ 39ም እኮ እንደ ቪዳል ፀረ እንግዳ አካልን ነው የሚፈልገው፤ ታዲያ ይኼ ለምን ታመነ? እውነት ነው፣ ይህም ምርመራ ከዳኑ በኋላ ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል፤ በምሥራቅ አፍሪካም ከታማሚዎች የተወሰኑትን ይስታል። የታመነው ብቻውን ስላልቆመ ነው። ስድስት ሳምንት ትኩሳት፣ የመተማ ክረምት፣ ስምንት ሴንቲሜትር ጣፊያ፣ የወደቁት ሦስት የደም ቁጥሮች ቀድመው መስክረዋል፤ ምርመራው የመጨረሻው ምስክር ነው። እነዚህ ሁሉ እያሉ «የለም» ቢል ኖሮ እንኳ ሐኪሟ ትታው አትሄድም ነበር፤ ከመቅኔ ወይም ከጣፊያ ናሙና ተወስዶ ጥገኛ ተሕዋሱ በማይክሮስኮፕ ይፈለጋል። ቪዳልን ያሳሳተው የተጠየቀበት መንገድ ነው፤ ምንም ሳይጠረጠር፣ ትኩሳት ያለው ሰው ሁሉ ላይ ተሠራ።

ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ተደረገለት፤ ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው ከተገኙ መድኃኒቱ ይለያልና። ነጻ ነው። ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የተባሉት ሁለት መርፌዎች በየቀኑ ለዐሥራ ሰባት ቀን ተሰጡት። በመጀመሪያው ሳምንት ትኩሳቱ ወረደ፤ ከዚያ የምግብ ፍላጎቱ ተመለሰ። ጣፊያው ግን ወደ ልኩ ለመመለስ ወራት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በሽታው እንዳያገረሽ እስከ ስድስት ወር እየተመላለሰ መታየት አለበት። ያልታከመ ካላዛር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይገድላል።

ሊቦ ከምከም ያስተማረን

አንድ ወጣት ላይ የደረሰው ስሕተት በአንድ ወረዳ ላይም ደርሷል። ከባሕር ዳር ጎንደር መንገድ ላይ ባለችው በሊቦ ከምከም ወረዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሰዎች በማይወርድ ትኩሳት እየከሱ ይሞቱ ጀመር። ቦታው ደጋና ወይና ደጋ ነው፤ ካላዛር የሚታወቀው በቆላ ነው። ስለዚህ የተጠረጠረው መድኃኒት የለመደ ወባ ነበር። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ ሰው መሞቱን ግን አልተወም። ካላዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው፤ ወዲያውም ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ የሕክምና ማዕከል ከፈተ። ተመራማሪዎች ተሕዋሱን ወደ ደጋው ያመጡት ከሑመራና ከመተማ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ያስባሉ፤ የአካባቢው የአሸዋ ዝንብ ከእነሱ ተቀብሎ ለጎረቤት አደረሰው።

የሊቦ ከምከም ትምህርት ግልጽ ነው። የሚታወቀው መድኃኒት የሚታወቀውን በሽታ ሳያድን ሲቀር መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የበሽታው ስም ነው። «መድኃኒቱ ለምዶ ነው» የሚለው መልስ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ

ይኸው አካሄድ በሌላ ሰው ላይ ሌላ ቦታ ያደርሳል። ወጣቱ መተማ ባይወርድ፣ ይልቁንም ብዙ ሰው በተፋፈገበት መጠለያ ቢያድርና ልብሱ ቅማል ቢኖረው፣ ጥያቄው ወደ ግርሻ ይዞራል። የግርሻ ትኩሳት ከሦስት እስከ ስድስት ቀን አንቀጥቅጦ በላብ ይሄድና ሳምንት ያህል ጋብ ብሎ ይመለሳል። ተሕዋሱ በትኩሳቱ ሰዓት በተወሰደ ደም ውስጥ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ በእረፍቱ ሳምንት ግን አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው አውሮፓ የደረሱ ስደተኛ ወጣቶች በኔዘርላንድስ፣ በጀርመንና በጣሊያን ይኸው በሽታ ተገኝቶባቸዋል። የዚያ አገር ሐኪም ግርሻን አይቶ ስለማያውቅ፣ ውጭ አገር ያለ ወገናችን ትኩሳት ሲይዘው በየት አልፎ እንደመጣ ሳይጠየቅም ቢሆን መናገር አለበት።

ጥሬ ወተት የሚጠጣ ወይም ከብት የሚያዋልድ ወጣት ለሳምንታት ቢያልበውና ወገቡን ቢያመው ብሩሴሎሲስ ይታሰባል። ማታ ማታ ዝቅተኛ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለ ደግሞ ሳል ባይኖርም ቲቢ ይፈለጋል፤ ቲቢ በአንገት ንፍፊት፣ በሆድ ዕቃ፣ በአከርካሪ አጥንት ሊሸሸግ ይችላልና። በልጅነቷ የመገጣጠሚያ ሕመም አሠቃይቷት የልብ ቫልቯ የተጎዳ ወጣት ሴት ረጅም ትኩሳት ከያዛት ባክቴሪያ ቫልቩ ላይ ሰፍሮ ሊሆን ይችላል፤ ልብን በጆሮ ማዳመጥና የደም ካልቸር ያስፈልጋል። ተላላፊ ያልሆኑም አሉ፤ ሉፐስና የንፍፊት ካንሰር በወጣትነት ረጅም ትኩሳት ያመጣሉ። የኤችአይቪ ምርመራ ደግሞ በማንኛውም ረጅም ትኩሳት ላይ መቅረት የለበትም።

ያለ ምርመራ የሚወሰድ ፀረ ባክቴሪያ እዚህ ላይ ሌላ ጉዳት ያደርሳል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚገኝበት የመድኃኒት ቤተሰብ የቲቢን ተሕዋስ በከፊል ያዳክማል፤ ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ቀለል ይለውና ቲቢው ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል፤ የአክታ ምርመራውም ሊደበቅ ይችላል። ሁለት ቀን የተወጋ ሴፍትሪያክሶን ከቫልቭ ላይ የሚረጨውን ባክቴሪያ ከደም ውስጥ ስለሚቀንሰው ካልቸር ምንም ላያበቅል ይችላል። በዚህ ምክንያት ካልቸር የሚወሰደው ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ነው። ደሙም በቂ መሆን አለበት፤ ለአንድ አዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር። በታይፎይድ ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አንድ እንኳ ስለማይሞላ፣ ጥቂት ደም ወስዶ «አልበቀለም» ማለት ብዙ አይናገርም።

ለታማሚውና ለአስታማሚው

ትኩሳቱ ሳምንት ካለፈ አንድ ወረቀት ያዙ። የጀመረበትን ቀን ጻፉ። ጠዋትና ማታ በቴርሞሜትር ለክታችሁ ቁጥሩን መዝግቡ፤ በእጅ ዳብሶ «ይግላል» ማለት አይበቃም። ባለፈው አንድ ዓመት ያደራችሁበትን ቦታ፣ የወረዳችሁበትን ቆላ፣ የጠጣችሁትን ጥሬ ወተት፣ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ስሙንና የቀኑን ብዛት ጻፉ፤ የመድኃኒቱን ካርቶን አትጣሉ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም አንብቡለት። ሆዳችሁን እንዲዳስስ፣ ንፍፊታችሁን እንዲያይ ጠይቁ። አንድ ዙር መድኃኒት በትክክል ጨርሳችሁ ሳምንት ካለፈ በኋላም ትኩሳቱ ካለ ያንኑ የቪዳል ምርመራ ለማስደገም ሌላ ክሊኒክ አትሂዱ፤ ካልቸር፣ የደም ቆጠራና አልትራሳውንድ ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ። መተማ፣ ሑመራ ወይም ሌላ ካላዛር ያለበት ቆላ ሠርታችሁ ከተመለሳችሁ ደግሞ «ካላዛር ይታይልኝ» በሉ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው። ግራ መጋባት፣ የአንገት መገተር፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የማይቆም መድማት ወይም የሆድ መድረቅ ከመጣ ግን ቀን አትቁጠሩ፤ በዚያው ሰዓት ሂዱ።

ለጤና ባለሙያዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ወረፋው ረጅም፣ ጊዜው አጭር መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ወጣት ደም ከመቅዳታችሁ በፊት «የት ከረምክ?» በሉት፤ እጃችሁንም በግራ ጎድኑ ሥር አሳርፉ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ያ ወጣት ስድስት ሳምንትና ሁለት በግ የከፈለው ለእነዚህ ሁለት ደቂቃዎች ነው።